ብርሃኑ የቱ ጋ ይግባ? ስለ ተቃርኖ በግጥም ጥያቄና መልስ

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ግጥሜ ውስጥ ጨለማም ብርሃንም አለ። ታዲያ ለምን «ቀዝቃዛ ነው» ይሉኛል? ሁለቱ ስንኝ ይኸውልዎ፦

ጨለማው ከበደ፣ ብርሃኑ ግን መጣ፣
ሐዘኔ ከቤቴ፣ ተጠቅልሎ ወጣ።

ባለ ቅኝት፦ ስንኝ ይዘህ መምጣትህ ጥሩ ነው። ልኩም አልጎደለም፤ የወል ቤት በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም ነው፣ ያንተም ሞልቷል። የቀዘቀዘው «ግን» ላይ ነው። ጨለማው ከበደ አልከን፤ ገና ሳይከብደን፣ ስንኙ ሳያልቅ ብርሃኑ ደረሰ። ሁለተኛው ስንኝ ደግሞ ያንኑ በሌላ ልብስ ደገመው። ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ስለተጠሩ ብቻ ውጥረት አይመጣም። አንባቢው አንዱን ይዞ ሌላውን እየጠበቀ ወይም እየፈራ መቆየት አለበት። አንተ አላስጠበቅኸውም።

አንድ መፈተኛ አለኝ፣ ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ። «ጨለማ» እና «ብርሃን» የሚሉትን ቃላት ሰርዛቸውና የቀረውን አንብብ። ምንም ካልቀረ ግጥሙ ውስጥ ስማቸው እንጂ እነሱ አልነበሩም።

ሰሎሜ፦ ተቃርኖ ማለት ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ? ሁለት ነገር በአንድ ላይ።

ባለ ቅኝት፦ አይደለም። ሰምና ወርቅ አንዱን ከሌላው ሥር ይደብቃል፤ አንባቢው ይፈታዋል። ተቃርኖ ሁለቱንም ፊት ለፊት ያቆማል፤ የሚፈታ ነገር የለም።

ሰሎሜ፦ ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ ስድብ ሲሆንስ? ያ ተቃርኖ ካልሆነ ምንድን ነው?

ቆንጆ ቀለም፦ እዚህ ላይ ልክ ናት። ሲያሞግስ የሚሳደብ ቅኔ ሞልቷል።

ባለ ቅኝት፦ ሞልቷል። ተቃርኖው ግን የሚታየው ከተፈታ በኋላ ነው፣ እኔ የማወራው ስንኙ እየተነበበ ሳለ ስላለው ነው። ይህን ክርክር ሌላ ቀን።

ሰሎሜ፦ ሌላ ቀን እንግዲህ፤ አልተረታሁም።

አንባቢ ብቻ፦ እሳትና በረዶን ማጋጨትስ እንዴት ነው?

ባለ ቅኝት፦ ጣሊያናዊው ፔትራርካ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እየነደደ በረዶ መሆኑን ጻፈ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ እስኪሰለች አመላለሱት። ሌላ ፈልግ።

ጀማሪው፦ ታዲያ ሲሠራ ምን ይመስላል? በምሳሌ ያሳዩን።

ባለ ቅኝት፦ ይሄ ነው የምወደው ጥያቄ። ለማሳያ ያህል እኔው የገጠምኳት፦

ሌሊቱን በሙሉ፣ ኩራዟን አብርታ፣
ጎህ ሲቀድ አጠፋች፣ ባዶ መንገድ ፈርታ።

ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። የመጀመሪያው ስንኝ ሌሊትን ከፊት፣ ኩራዝን ከኋላ አደረገ። እስካሁን የተለመደው ነው፤ ጨለማው ክፉ፣ መብራቷ ደግ። አንባቢው ሰው እንደምትጠብቅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፣ «ጎህ ሲቀድ» ሲባልም የሚጠብቀው እፎይታ ነው። እዚያው ላይ «አጠፋች» ይመጣል። ንጋት ሲገባ እጇ መብራት ያጠፋል። ለምን? ሐረጉ አልቋል፣ መልሱ አልመጣም። ውጥረቱ ያለው እዚያች የትንፋሽ ማረፊያ ላይ ነው። ከዚያ «ባዶ መንገድ» ይባላል፣ ምክንያቱ ራሱ ግን የመጨረሻዋ ቃል ላይ፣ ቤት በሚመታው «ፈርታ» ላይ ይወርዳል። ያኔ ነገሩ ይገለበጣል፦ ተስፋ የነበረው ጨለማው ውስጥ ነው፤ ስላልታየ ሊመጣ ይችል ነበር። ብርሃን ማንም አለመኖሩን ያሳያል።

ቦታው ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ሐረጎቹን አዟዙሯቸው፦ «ባዶ መንገድ ፈርታ፣ ጎህ ሲቀድ አጠፋች»። ቤቱ መፍረሱን ተዉት። ምክንያቱ ከድርጊቱ ስለቀደመ «ለምን?» የሚል አንባቢ የለም። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፣ ውጥረቱ ግን ሄደ። የኛ ቋንቋ ግሱን ወደ ኋላ ስለሚያቆይ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ብዙ ገጣሚ ግን ማሠሪያውን የሚያስታውሰው ቤት ሲቸግረው ብቻ ነው።

ንጋትን ጠላት ማድረግ የኔ ፈጠራ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቫንስ ዘማሪ ገጣሚያን «አልባ» የሚሉት የግጥም ዓይነት ነበራቸው፤ ተደብቀው ያደሩ ፍቅረኞች ሲነጋ መለያየታቸውን የሚያለቅሱበት። ሼክስፒርም በሮሜዎና ዡልየት ሁለቱን በንጋት ወፍ ያከራክራቸዋል፤ የጮኸችው የሌሊቷ ናት ወይስ የማለዳዋ? የማለዳዋ ከሆነች ሞት አለ። ብርሃን ሲጨምር ጭንቀቱ ይጨምራል፤ ተቃርኖው እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ጎህ ከቀደደ በኋላ ኩራዝ ብታጠፋ መንገዱ አይጨልምም። ፀሐይ ወጥታለች! የፈራችውን ከማየት ምን ያድናታል?

ባለ ቅኝት፦ አያድናትም። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ልታጨልም የምትችለው ያንን ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ያ የእርስዎ ማብራሪያ ነው፤ ስንኙ ውስጥ የለም። «ጎህ ሲቀድ በር ዘጋች፣ ባዶ መንገድ ፈርታ» ቢሆን ልኩም ይሞላል፣ ነገሩም ያስኬዳል።

ቆንጆ ቀለም፦ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ባለ ቅኝት፦ ያስኬዳል፣ ግን «አብርታ» ያለ ጥንድ ይቀራል። ያበራችው እጅ ራሷ ማጥፋት አለባት። በር ከዘጋች ኩራዙ እየበራ የት ሄደ?

ትዝታ፦ እኔም የእናቴን ሞት በጨለማ፣ የልጄን መወለድ በብርሃን ጽፌያለሁ፤ አንዱን ስንኝ አንዱ እየተከተለ አርባ ስንኝ ደርሷል። ሰው እስከ መጨረሻው አያነብልኝም።

ባለ ቅኝት፦ በቅድሚያ ነፍስ ይማር። ሰው የሚያቆመው ነገሩ ከብዶት አይመስለኝም። ከሦስተኛው ጥንድ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቀው ነው፤ ጨለማ ካልሽ ብርሃን ይከተላል፣ አንቺም ታመጪዋለሽ። ሙከራ ልስጥሽ፦ የእናትሽን ስንኞች ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቢያቸው፣ ልጁን ከመጨረሻው አካባቢ አንድ ጊዜ ብቻ አስገቢው። ከተቻለ እናትሽ በነበሩበት ክፍል። «ብርሃን» የሚለውን ቃል ግን አትጻፊው።

ትዝታ፦ ልጁ ግን ብዙ ቦታ አለ፣ ማውጣት ያሳዝነኛል።

ባለ ቅኝት፦ ገባኝ። ግን አውጪው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጨለማና ብርሃንን ተጠቅሜ ጥሩ ግጥም እንዴት ልጻፍ?

ባለ ቅኝት፦ ከላይ አለ። አንብበህ ስንኝ ይዘህ ና።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ። በአጠቃላይ ማለቴ ነው።

ባለ ቅኝት፦ በአጠቃላይ የሚጻፍ ግጥም የለም። ሁለቱን ቃላት ሰርዝ ብያለሁ፣ ሦስተኛዬ ነው።

ጀማሪው፦ እኔ ሰረዝኳቸው። «ከበደ» እና «መጣ» ብቻ ቀሩ።

ባለ ቅኝት፦ «ከበደ» ይጠቅምሃል። ምን እንደከበደ ንገረን፣ የሚያዝ ነገር ይሁን። «መጣ»ን ለጊዜው አታምጣው።

ተጠራጣሪው፦ ጋሼ፣ ኩራዙን እኮ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ዘይቱ ሊያልቅበት ይችላል።

ባለ ቅኝት፦ ዘይቱ ካለቀ እሷ አላጠፋችውም። አልስማማም።