ኢሜይሉ የለኝም፤ ሊንክድኢን ላይ ግን አገኘሁት

«ባለፈው ሐሙስ በአንድ የግል ድርጅት ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ቃለ መጠይቅ ተደርጎልኝ ነበር። የጠየቁኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። በስልክ የጠራችኝ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ስትሆን የማንኛቸውም ኢሜይል የለኝም። የፋይናንስ ኃላፊውን ስም ስለያዝኩ ሊንክድኢን ላይ ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ጥያቄ ላይ መሳሳቴን የገባኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ስለ ባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ሲጠይቀኝ የባንኩን የአገልግሎት ክፍያ ከባንኩ ቀሪ ሒሳብ ላይ እቀንሳለሁ አልኩት። ልጻፍለት? ወይስ ድፍረት ይሆንብኛል?
ሕይወት፣ ከአዳማ»

እኅቴ ሕይወት፣ ጻፊለት። የጠየቀሽን ሰው ማመስገን ድፍረት አይደለም። ድፍረት የሚመስለው መልእክቱ ውስጥ «ውጤቱ መቼ ይነገረናል?» የሚል ጥያቄ ሲገባ ነው። እሱን ጥያቄ ለሰው ሀብት ክፍሏ ሠራተኛ አቆዪው፤ ስልኳ እጅሽ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሽው ሰው ራሱ መሆኑን አረጋግጪ። በእኛ አገር ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት አራት መልክ ይይዛል። ኃላፊው ቴዎድሮስ ቢሆን Tewodros፣ Tewodrose፣ Theodros ብለሽ ሁሉንም ፈልጊ። ፎቶው ያየሽው ሰው ከሆነና የአሁኑ የሥራ ቦታ ተብሎ የተጻፈው ያ ድርጅት ከሆነ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ ካልገጠመ አትላኪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ካልተገናኘሽው ሰው ገጽ ላይ Message የሚለውን ስትነኪ ብዙ ጊዜ ክፍያ ይጠየቃል። ለዚህ ብለሽ አትክፈይ። ያለሽ መንገድ Connect ብለሽ የግንኙነት ጥያቄ መላክና Add a note በሚለው አጭር ማስታወሻ ማያያዝ ነው። ነጻ አካውንት ያለው ሰው በማስታወሻው ላይ የሚፈቀድለት 200 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከማስታወሻ ጋር መላክ የሚቻለውም በወር ለጥቂት ሰው ብቻ ነውና ለሙከራ አታባክኚው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማስታወሻውን በር ማንኳኪያ ያደርጉትና «እባክዎ ይቀበሉኝ፣ የምነግርዎ አለኝ» ብለው ዋናውን ጉዳይ ለኋላ ያስቀምጡታል። ሰውየው ጥያቄውን ሳይቀበል ቢቀርስ? ብዙ ኃላፊዎች ገጹን በሳምንት አንዴ እንኳ አይከፍቱም፤ ከፍተው ማስታወሻውን ካነበቡ በኋላም ለመቀበል የማይቸኩሉ አሉ። ስለዚህ ማስታወሻው ራሱ ሙሉ ደብዳቤ ይሁን፤ ሌላ ቃል ባትጨምሪ እንኳ ማን እንደሆንሽ፣ ለምን እንደጻፍሽና ምን ማለት እንደፈለግሽ ይታወቅ። ለአንቺ እንዲህ ጻፍኩት፦

«ሰላም አቶ ቴዎድሮስ። ሐሙስ ጠዋት ለሒሳብ ሠራተኛነት የጠየቁኝ ሕይወት ነኝ። ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። የባንክ አገልግሎት ክፍያ የሚስተካከለው በድርጅቱ መዝገብ መሆኑን በኋላ አረጋግጫለሁ። ሥራውን ከልቤ እፈልገዋለሁ።»

ከ150 ፊደል አይበልጥም። ቀኑንና የሥራ መደቡን ያስገባሁት ሰውየው በዚያ ሳምንት ብዙ አመልካች አይቶ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ «ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሕይወት ነኝ» ማለት ብቻውን አያስታውሰውም። ስሕተትሽን ያረምሽበት ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የባንኩ ቀሪ ሒሳብና የድርጅቱ መዝገብ ሲመሳከሩ ያልተመነዘረ ቼክ ከባንኩ ቀሪ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል፤ የአገልግሎት ክፍያውን ግን ባንኩ አስቀድሞ ስለወሰደው የሚቀነሰው ከድርጅቱ መዝገብ ነው። ይህን ሁሉ ለፋይናንስ ኃላፊ ማብራራት አያስፈልግም። ስሕተቱን ራስሽ እንዳገኘሽው ማወቁ ይበቃዋል። «ተደናግጬ ነበር»፣ «እንቅልፍ አጥቼ ነበር» የሚለውንም ተዪው፤ ያ ይቅርታ ልመና ይመስላል።

ቋንቋው ቃለ መጠይቁ የተካሄደበት ይሁን። በእንግሊዝኛ ከሆነ የተጠየቅሽው በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ያን ጊዜ ግን 200ው ቶሎ ያልቅብሻል። በእኛ ፊደል «አመሰግናለሁ» ሰባት ነው፤ በእንግሊዝኛው ያው ምስጋና ከነክፍት ቦታው ዘጠኝ ይወስዳል። ከቃል ቃል እየተጠራቀመ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀንስሻል፤ ያኔ የሚቀረው የመጨረሻው ይሁን እንጂ ቀኑና የሥራ መደቡ አይሁኑ።

በስልክ የምትልኪ ከሆነ ተጠንቀቂ። Connect የሚለውን ስትነኪ ጥያቄው ያለ ማስታወሻ ወዲያው ሊሄድ ይችላል። በገጹ ላይ ሦስቱን ነጠብጣቦች ወይም More የሚለውን ከፍተሽ ማስታወሻ የሚያስጽፈውን ፈልጊ፤ ኮምፒውተር ካገኘሽ ይቀልሻል። በስሕተት ባዶውን ከላክሽ አትሰርዢው። የሰረዝሽውን ጥያቄ ለዚያው ሰው እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ደግመሽ መላክ አትችዪም። ባለበት ተዪውና ሲቀበልሽ ያንኑ ጽሑፍ በመልእክት ላኪለት። እኔም በጠያቂነት ተቀምጬ በማላውቀው ስም ባዶ ጥያቄ ደርሶኝ ያውቃል፤ ከአመልካቾቹ አንዷ መሆኗን የተረዳሁት ቦታው ከተያዘ በኋላ ነው።

ከመላክሽ በፊት የራስሽን ገጽ እይ፤ ማስታወሻውን ያነበበ ሰው ቀጥሎ የሚከፍተው እሱን ነው። በዓመተ ምሕረት ብዙ ተመራቂዎች ሲሳሳቱ አይቻለሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ገጹ ላይ 2015 ብሎ ከጻፈ በፈረንጆች ስለሚነበብ ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይመስላል፤ መጻፍ ያለበት 2023 ነው። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያለው የሕይወት ታሪክሽ አንድ ዓመት፣ ገጽሽ ሌላ ዓመት ከተናገረ ምስጋናሽ ጥርጣሬ ይዞ ይገባል።

ለሦስቱም ጠያቂዎች አትላኪ። አንድ የማውቀው ልጅ አንድ ዓይነት ምስጋና ለሦስት ሰው ልኮ፣ ሦስቱም በአንድ ክፍል የሚሠሩ ነበሩና ስልካቸውን አነጻጽረው ሳቁበት። ኃላፊው ብቻ ይበቃል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። በኮሚቴ በነጥብ የሚወዳደሩበት ቅጥር ላይ ለአንዱ የኮሚቴ አባል በግል መጻፍ አማላጅ እንደመላክ ሊቆጠር ይችላል፤ እዚያ ዝም ማለት ይሻላል።

ማስታወሻውን ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ ላኪው፤ አልረፈደም። ከተቀበለሽ አንድ «አመሰግናለሁ» ካልሆነ በቀር ሌላ አትጨምሪ፤ መቀበሉም ተቀጠርሽ ማለት አይደለም። ሳይቀበል ከቀረም ሁለተኛ መንገድ አትፈልጊ፤ ኢሜይሉን በግምት አትሞክሪ፣ በቴሌግራምም አትፈልጊው። «በአንድ ሳምንት ውስጥ እንነግራችኋለን» ብለዋችሁ ከነበረ ሳምንቱ ይለፍና በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደጠራችሽ ሴት ደውዪ፦ «ሐሙስ ለሒሳብ ሠራተኛነት የተጠየቅሁት ሕይወት ነኝ፤ ውሳኔው መቼ እንደሚታወቅ ለመጠየቅ ነው።» የምትነግርሽን ቀን ጽፈሽ ያዢና እስከዚያ አትደውዪ።