ከጥሪው በኋላ የሚላክ ሚኒት፦ ማን፣ ምን፣ በማን ሰዓት

*ጥያቄ፦ "በየሁለት ሳምንቱ ከሦስት አገር ሰዎች ጋር በቪዲዮ እንሰበሰባለን። ሚኒቱን የምልከው እኔ ነኝ። ሁሉም ያነበበው ይመስላል፤ ግን በቀጣዩ ስብሰባ 'ያ የእኔ ሥራ ነበር እንዴ?' የሚል አይጠፋም። ቀነ ገደቡም ሁሌ ይምታታል። እናንተ እንዴት ነው የምትጽፉት?"*

እህቴ፣ ሚኒቱን ከመጻፍሽ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ማን ምን እንደሚሠራ ጥሪው ሳይዘጋ ካልተለየ፣ በኋላ በኢሜይል አስተካክላለሁ ማለት ከንቱ ልፋት ነው። አንቺ ስም ትጽፊያለሽ። ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ደግሞ "መቼ ነው እሺ ያልኩት?" ይላል። እውነቱን ነው፤ እሺ አላለም።

እኔ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ለዚህ ብቻ እተዋለሁ። ስክሪኔን አጋራና ሥራዎቹን ሁሉም እያየ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። እያንዳንዱን ከጻፍኩ በኋላ ባለቤቱን በስሙ ጠርቼ እጠይቃለሁ፦ "ይህ ያንተ ነው? በዚህ ቀን ይደርሳል?" መልሱ በቃል መሰማት አለበት። ራስ መነቅነቅ አይበቃም፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ወይም ካሜራ ሲጠፋ እሱም አይታይም። ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ጥሪ ግማሹ ሰው የሚያወራው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። በፍጥነት የተነገረን ነገር እዚያው ሰምቶ መቃወም ይከብደዋል። ተጽፎ ሲያየው ግን "ቆይ፣ ይሄ እንኳ የእኔ አይደለም" ለማለት ጊዜ ያገኛል። ይህን ያለው በጥሪው ላይ ከሆነ ተገላገልን ማለት ነው።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልምጣ። በብዙ ሚኒቶች ላይ የማየው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ "ቡድኑ የበጀት ሰንጠረዡን እስከ አርብ ያጠናቅቃል።" ሲነበብ ምንም አይጎድለውም። ግን "ቡድኑ" ማን ነው? "ያጠናቅቃል" ሲባል ምን ሲታይ ነው አለቀ የሚባለው? አርቡስ የማን አርብ ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ በምሳሌ ላሳይሽ፤ ብዙ ሰው ቀለል አድርጎ የሚያልፋት እሷን ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ዓመታዊ ሪፖርት በጋራ ያወጣሉ እንበል። ሳራ ናይሮቢ ናት፣ ሰንጠረዡን ትሞላለች። ጄምስ ለንደን ነው፣ ይገመግማል። ዴቪድ ቺካጎ ነው፣ የመጨረሻውን ቅጂ አሰናድቶ ለደንበኛው ይልካል። ጥሪው የተደረገው ሰኞ ማርች 10 ቀን 2025 ነው፤ የሁሉም ሥራ እስከ አርብ ማርች 14 ያልቃል ተባለ። ሁሉም ሰው "አርብ" ሲባል የራሱን ቢሮ መዝጊያ፣ 17:00 ሰዓትን ነው የሚያስበው። (ሰዓቱን ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሚኒትም ላይ እንደዚሁ።)

የናይሮቢ 17:00 በዓለም አቀፉ ሰዓት በዩቲሲ 14:00 ነው። የለንደኑ በዚያ ሳምንት ከዩቲሲ ጋር እኩል ስለሆነ 17:00 ነው። የቺካጎው 22:00 ነው። በአንድ "አርብ" ውስጥ ስምንት ሰዓት የሚራራቁ ሦስት ቀነ ገደቦች አሉ ማለት ነው። ሳራ በራሷ አርብ ሥራዋን በሰዓቱ ብታስረክብ ለጄምስ የሚቀረው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም ሌላ ሥራ ከሌለው። ጄምስ ለሰኞ ቢያሳድረው ዴቪድ ለደንበኛው የገባው ቃል ይሰበራል። ልብ በይ፣ ማንም ሰው አልዘገየም። የዘገየው ሚኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን ነው።

ስለዚህ ቀኑን ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው የማከፋፍለው። ዴቪድ አርብ በራሱ 17:00 መላክ ካለበት፣ ጄምስ በዚያው አርብ በለንደን 14:00 ማስረከብ አለበት። እንዲህ ከሆነ ቺካጎ ገና 9:00 ነው፤ ዴቪድ ሙሉ የሥራ ቀን አገኘ። ሳራ ደግሞ ሐሙስ በናይሮቢ 17:00 ትሰጣለች። ጄምስም አርብን ጠዋት ሙሉ ይዞ ይሠራል። ሚኒቱ ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦

> ሳራ — የ4ኛውን ሩብ ዓመት የበጀት ሰንጠረዥ ሁሉንም ረድፎች ሞልታ በጋራ ፎልደሩ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ለጄምስ ታሳውቃለች። ሐሙስ 2025-03-13፣ 17:00 ናይሮቢ (14:00 ዩቲሲ)
>
> ጄምስ — ሰንጠረዡን ገምግሞ አስተያየቱን በዚያው ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ለዴቪድ ያሳውቃል። አርብ 2025-03-14፣ 14:00 ለንደን (14:00 ዩቲሲ)
>
> ዴቪድ — የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ለደንበኛው ይልካል፤ ለሁላችንም ኮፒ ያደርጋል። አርብ 2025-03-14፣ 17:00 ቺካጎ (22:00 ዩቲሲ)

እያንዳንዱ ላይ አንድ ስም ብቻ እንዳለ አስተውይ። ሁለት ሰው አብሮ ቢሠራም አንዱ ነው የሚጠየቀው፤ ረዳቱን በቅንፍ ማስገባት ይቻላል። ግሱም የሚታይ ነገር ነው፦ ያስቀምጣል፣ ይጽፋል፣ ይልካል። "ይከታተላል"፣ "ያያል"፣ "ይነጋገራል" የሚሉትን ከሚኒቴ አባርሬያቸዋለሁ። አንድ ሰው "እየተከታተልኩ ነው" ብሎ ሦስት ወር መኖር ይችላል። ሥራው ለማን እንደሚተላለፍም ተጽፏል፤ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሳያውቀው የሚያድር ፋይል ብዙ ነው።

ሰዓቱን መጀመሪያ በሥራው ባለቤት ከተማ፣ ቀጥሎ በዩቲሲ ነው የምጽፈው። ባለቤቱ የራሱን ሰዓት አይቶ ይሠራል። ሌሎቹ ከዩቲሲው ተነስተው ወደየራሳቸው ይለውጣሉ። "የቺካጎ ሰዓት ከለንደን በስድስት ይዘገያል" ብሎ በቃል ከመያዝ ተጠንቀቂ። ከላይ ባለው ምሳሌ ልዩነቱ አምስት ነበር። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምታዞረው በማርች ሁለተኛ እሑድ ነው፤ እንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በማርች መጨረሻ እሑድ። በመሃል ያሉት ሳምንታት ተንኮለኛ ናቸው። በመከርም ወደ ኋላ ሲመለሱ እንደገና ይለያያሉ፤ አውሮፓ በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ። ናይሮቢ ጨርሶ አትቀይርም። ህንድ ያለ ሰው ካላችሁ ደግሞ ግማሽ ሰዓቷን እንዳትረሺ፤ ከዩቲሲ በ5:30 ነው የምትቀድመው።

ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብዬ የምጽፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። 03/04 ለአሜሪካዊ ማርች 4 ነው፤ ለእንግሊዛዊ ኤፕሪል 3። 2025-03-13 ግን ማንንም አያሳስትም። የሳምንቱን ቀን ከጎኑ መጨመር ደግሞ እንደ መቆጣጠሪያ ያገለግላል፤ ሐሙስና 13 ካልተገጣጠሙ አንባቢው ወዲያው ይጠይቃል።

በጥሪው ላይ ያልነበረ ሰው ስም አይጻፍ። ይህ ላይ ግትር ነኝ። "ዲዛይነሯ ሽፋኑን ትሠራለች" ከተባለና እሷ ካልነበረች፣ ባለቤቱ ሐሳቡን ያነሳው ሰው ነው፦ "ዴቪድ ዲዛይነሯን ጠይቆ እስከ ረቡዕ መልሷን ያሳውቃል።" እሺ ካለች ያኔ ስሟ ይገባል።

የምትልኪበት ሰዓትም ከአገር አገር ትርጉሙ ይለያያል። ያ የሰኞ ጥሪ በቺካጎ 11:00 ላይ አለቀ እንበል፤ ናይሮቢ 19:00 ሆኗል፣ ሳራ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው። ሚኒቱን የሚጽፈው ዴቪድ ቢሆንና "ነገ ጠዋት ስገባ እልከዋለሁ" ቢል፣ ማክሰኞ 9:00 ላይ ሲልከው ናይሮቢ 17:00 ነው። የሳራ ማክሰኞ ሙሉውን ባከነ። ሐሙስ የምታስረክብ ሰው ከሦስት ቀኗ አንዱን አጣች። ስለዚህ የእኔ ደንብ፣ ከሁሉም ቀድሞ ጠዋት የሚነጋለት ሰው ቢሮው ሳይገባ ሚኒቱ ኢንቦክሱ ውስጥ መኖር አለበት። ውይይቱን አሳምሬ ለመጻፍ ጊዜ ከሌለኝ ሥራዎቹን ብቻ ቀድሜ እልካለሁ። የቀረው ቢዘገይ ማንም አይጎዳም።

ኢሜይሉ ላይ ሥራዎቹ ከላይ ናቸው፤ ቀጥሎ የተላለፉት ውሳኔዎች፣ ከዚያ ውይይቱ በአጭሩ። አባሪ ፋይል ውስጥ አልደብቃቸውም፤ ብዙ ሰው በስልክ ነው የሚያነበው፣ አባሪም አይከፍትም። የጥሪውን ቅጂ ሊንክ መጨረሻ ላይ አኖራለሁ። ቅጂውን ከፍቶ ሙሉ ሰዓት የሚያዳምጥ ግን የለም፤ ስለዚህ በሚኒት ፈንታ አይቆጠርም።

ከሥሩ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለሁሉም፦ "የተሳሳተ ካለ እስከ ማክሰኞ 14:00 ዩቲሲ ንገሩኝ፤ ካልሆነ ውሳኔዎቹ እንዳሉ ይጸናሉ።" ለሥራ ባለቤቶች፦ "የራሳችሁን አንብባችሁ 'ተቀብያለሁ' በሉኝ።" እነዚህን ሁለቱን አትደባልቂ። በውሳኔ ላይ ዝምታን እንደ ስምምነት መውሰድ ይቻላል፤ ሁሉም ጥሪው ላይ ነበርና። በሥራ ላይ ግን ዝም ያለ ሰው እረፍት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አርብና ቅዳሜ የሚያርፉ አገሮችም አሉ፤ እሑድ የላኩልሽን ሰኞ ነው የምታይው፣ እነሱም የአርብሽን እሑድ ነው የሚያዩት። እስከተባለው ሰዓት መልስ ላልሰጠ ሰው ለብቻው አጭር መልእክት እልካለሁ። ለሁሉም ኮፒ አድርጎ ማሳጣት አያስፈልግም።

ቀን ሲራዘም የድሮውን አላጠፋም፤ አዲሱን ከጎኑ እጽፋለሁ። ቀጣዩን ጥሪ የምንከፍተውም በእነዚሁ ሥራዎች ነው፦ አልቋል ወይስ አላለቀም? ሪፖርት ማቅረብ የለም። አንድ ሥራ ላይ ሦስተኛ ቀን ከተጻፈ ግን አራተኛ አልጨምርም። ባለቤቱን ለብቻ ደውዬ ምን እየጠበቀ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ሚኒቱ ላይ ያልገባ ሌላ ሰው ነው የያዘው። ያኔ ለዚያ ሰው የራሱን ሥራ፣ ከራሱ ቀን ጋር ለይቶ መጻፍ ነው።