«ትርፍ» ተብሎ የተጻፈው ገንዘብ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «በመድን ድርጅት ውስጥ ለደንበኞች የሚላኩ ደብዳቤዎችንና የውል ማጠቃለያዎችን አዘጋጃለሁ። በእንግሊዝኛው ውል ላይ ያሉትን ኢንደምኒቲ፣ ኤክሰስ እና ኤክስክሉዥን የተባሉ ቃላት “ካሳ”፣ “ትርፍ” እና “ማግለያ” እያልሁ እተረጉማቸዋለሁ። ደንበኞች ግን አልገባንም ይላሉ። ምን ብጽፍ ይሻላል?»

መልስ፦ ከሦስቱ ሰውን በእርግጥ የሚጎዳው «ትርፍ» ነውና ከእሱ ልጀምር። በአማርኛ ትርፍ ሲባል እጅ ላይ የሚቀር፣ የሚገኝ ነገር ነው። «ትርፍ፦ 3,000 ብር» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ገንዘቡ ለእሱ እንደሚጨመርለት ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ቃሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በውሉ ላይ ግን ጉዳት በደረሰ ቁጥር ደንበኛው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ማለት ነው። ትርጉሙ ተገልብጧል።

አንዳንዶች «ተቀናሽ» ይሉታል። ይህ ይቀርባል፤ ሆኖም ደንበኛው ድርሻውን ለጥገና ጋራዡ ራሱ የሚከፍል ከሆነ ከምንም ላይ የሚቀነስ ነገር አይታይም። «የደንበኛው ድርሻ» ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ድርሻ ከውርስ እንደሚደርሰን ሁሉ የምንቀበለውም ሊሆን ይችላል። እኔ የምመርጠው «ከራስ የሚሸፈን ወጪ» የሚለውን ነው። ረዘም ይላል፣ ነገር ግን ማን እንደሚከፍል አያጠራጥርም። አንዴ ከመረጡት በኋላ በደብዳቤው ሁሉ እሱኑ ይጠቀሙ፤ በአንዱ አንቀጽ «ተቀናሽ»፣ በሌላው «ድርሻ» ካሉ አንባቢው ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች ያሉ ይመስለዋል።

ቃሉ ቢስተካከልም ስሌቱ ካልተብራራ ደብዳቤው አሁንም ጎደሎ ነው። ውሉ «የጉዳቱ 10 በመቶ፣ ቢያንስ 3,000 ብር» ይላል እንበል። ይህ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ደንበኛውን ግራ ያጋባዋል፤ 3,000 ብር የድርጅቱ ዝቅተኛ ክፍያ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«በእያንዳንዱ ጉዳት ከጥገናው ወጪ 10 በመቶውን እርስዎ ይከፍላሉ። 10 በመቶው ከ3,000 ብር ካነሰ 3,000 ብር ይከፍላሉ። ቀሪውን ድርጅቱ ይከፍላል። ለምሳሌ ጥገናው 50,000 ብር ቢፈጅ እርስዎ 5,000፣ ድርጅቱ 45,000 ብር ይከፍላል። 20,000 ብር ቢፈጅ 10 በመቶው 2,000 ብር ብቻ ስለሚሆን እርስዎ 3,000፣ ድርጅቱ 17,000 ብር ይከፍላል። ወጪው 3,000 ብር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሙሉውን እርስዎ ይሸፍናሉ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እባክዎ አይዝለሉት። ትንሽ ጉዳት ደርሶበት ምንም ያልተከፈለው ደንበኛ ተታለልሁ የሚለው እዚህ ላይ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከጉዳቱ ነው ወይስ ንብረቱ መድን ከተገባለት ጠቅላላ መጠን የሚለውንም ከዋናው ውል ያረጋግጡ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

«ካሳ» ጥሩ ቃል ነው፤ አይቀይሩት። ሕጉም ከጎኑ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑንና ካሳው ንብረቱ ጉዳት በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንደማይበልጥ ደንግጓል። ደንበኛው የማያውቀው ይህን ገደብ ስለሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩለት፦ «ካሳው የደረሰብዎትን ኪሳራ ይተካል እንጂ ከዚያ አይበልጥም።» በሕይወት መድን ግን «ካሳ» አይበሉ። የሰው ሕይወት በገበያ ዋጋ አይተመንም፤ የሚከፈለው አስቀድሞ በውል የተወሰነው ገንዘብ ነው፤ «የመድን ገንዘብ» ይበሉት።

«ማግለያ» የሚለውን ይተውት። ማግለል ለሰው የሚነገር ቃል ነው፤ ደንበኛው ራሱ የተገለለ ይመስለዋል። «የተከለከሉ» የሚሉም አሉ፤ ያም ስህተት ነው፤ መኪናን ለውድድር መንዳት በዚህ ውል አልተከለከለም፣ በውድድር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ካሳ የለውም። «ውሉ የማይሸፍናቸው ጉዳቶች» ይበቃል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ወጥመድ አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አሥር ነገሮች ተዘርዝረው «አይሸፈኑም» እስኪባል ድረስ አንባቢው የሚነበበው የሚሸፈነው ይሁን የማይሸፈነው አያውቅም። አሉታውን ወደ ፊት ያምጡት፤ «ውሉ የሚከተሉትን አይሸፍንም፦» ብለው ይዘርዝሩ። ልዩ ሁኔታ ሲኖር ደግሞ ሁለት አሉታ አይደራርቡ። «ስርቆት፣ በር ወይም መስኮት ተሰብሮ ካልሆነ በስተቀር፣ አይሸፈንም» ከማለት ይልቅ «ሌባ በር ወይም መስኮት ሰብሮ ከገባ ውሉ ስርቆቱን ይሸፍናል። ሳይሰብር ከገባ አይሸፍንም» ብለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይክፈሉት።