«ወይ ክፈሉ፣ ወይ ውጡ» ብቻ ነው ወይ?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት በዚህ አምድ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው «ወይ መምህሩ እንዲኖር ጭማሪውን እንቀበል፣ ወይ ልጃችንን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እናዛውር» ብለዋል። ሁለት በር ብቻ አሳይተው ሌላውን ሁሉ ዘጉብን።

ሁለቱ ልጆቼ የሚማሩት አዲስ አበባ፣ የግል ትምህርት ቤት ነው። ለእያንዳንዳቸው በወር 3,000 ብር እከፍል ነበር። ለመጪው ዓመት 4,200 ነው ተባልን። ርእሰ መምህሩ የመምህራንና የሠራተኞች ደመወዝ በ30 በመቶ ስለሚያድግ ነው አሉ። ደመወዝ የወጪያቸው ግማሽ እንደሆነም ነገሩን። አንድ አባት ተነስቶ ሲጠይቅ «ካልተስማማችሁ በሩ ክፍት ነው» ተባለ። እኔ መምህሩ እንዲጎዳ አልፈልግም። ልጆቼንም ከጓደኞቻቸው መለየት አልፈልግም። ቅዳሜ ሁለተኛ ስብሰባ አለ። ምን ብዬ ልናገር?

የሁለት ልጆች እናት

*

እህቴ፣

ልክ ነዎት፤ ስህተቱ የኔ ነው። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ሰፋኋቸው። አንዱ «የመምህሩ ደመወዝ ይደግ ወይ?» የሚል ነው። ሌላው «ለዚያ ስንት ብር ይበቃል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው አዎ ያለ ሰው ለሁለተኛው ገና ምንም አልመለሰም። እኔ ግን አንዱን ሲቀበሉ ሌላውንም የተቀበሉ አስመሰልኩት።

ርእሰ መምህሩ የነገሯችሁ ሁለት ቁጥር ለስሌቱ ይበቃል። የወጪው ግማሽ በ30 በመቶ ቢያድግ ጠቅላላ ወጪው የሚያድገው በ15 በመቶ ነው። የ3,000 ብር 15 በመቶ 450 ብር ነው። ትምህርት ቤቱ ትርፍ ካለው እንዲያውም ከዚያ ያንሳል፤ ምክንያቱም ከ3,000ው ብር ሁሉም ወጪ አይደለም። የተጠየቃችሁት ግን 1,200 ነው። ስለዚህ ቢያንስ 750 ብሩ ከደመወዝ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ይህን አልክድም። ሕንፃው የኪራይ ከሆነ አከራዩ ጨምሮ ይሆናል። ለምሳሌ ኪራይ የወጪው አምስተኛ እጅ ቢሆንና በ25 በመቶ ቢጨምር፣ ጠቅላላ ወጪው በ5 በመቶ ያድጋል። ይህ 150 ብር ነው። የተማሪው ቁጥር ቀንሶ ከሆነም ያው ወጪ ለጥቂት ወላጅ ይካፈላል፤ ስሌቱም ይለወጣል። ትምህርት ቤቱ በኪሳራ ቆይቶ ከሆነም እንዲሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኪራዩ በስንት አደገ? ዘንድሮ ስንት ተማሪ አለ፣ አምናስ? ዓመቱ የተዘጋው በትርፍ ነው በኪሳራ?

መልሱ ሲመጣ ከ450ው ብር ጋር ይደምሩት። 900 ላይ ከደረሰ «900 እንክፈል» የሚል ሦስተኛ ሐሳብ በእጅዎ አለ። ሙሉው 1,200 ከተረጋገጠ ደግሞ ጭማሪው ለሁለት ዓመት ተከፋፍሎ ይምጣ፣ ወይም ሁለት ልጅ ላለው ቅናሽ ይደረግ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህም አይሆንም ከተባለና ለምን እንደማይሆን በቁጥር ካስረዱ፣ ያኔ በእርግጥም የቀረው ሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። «ወይ፣ ወይ» የሚል ንግግር ሁሉ ሐሰት አይደለም። ሐሰት የሚሆነው ሌላው መንገድ ሳይሞከር ሲዘጋ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከወላጆቹ አንዱ የትምህርት ቤቱን ባለቤት «ወይ ለልጆቻችን ታስባላችሁ፣ ወይ ለኪሳችሁ» ብሎ መነሳቱ አይቀርም። ይህም የኔው ዓይነት ስህተት ነው፤ ትምህርት ቤት ተርፎትም በደንብ ሊያስተምር ይችላል። ደግሞ ባለቤቱን ያስቆጣና ቁጥሩን ሳያወጣ ስብሰባው ይበተናል። እርስዎ ስለ 750ው ብር ብቻ ይጠይቁ።

የመንግሥት ትምህርት ቤትን እንደ ቅጣት ማስቀመጤም ልክ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባሉ። አስቦ ልጁን እዚያ የሚያስገባ ወላጅ አለ። ማስፈራሪያ ሆኖ መቅረቡ ግን ለእነሱም ለእናንተም አይገባም።

ሲገቡ ለመገኘት የሚፈርሙበትን ወረቀት ደግሞ ከላይ ያንብቡት። ርእሱ «በስብሰባው የተገኙ» ይላል ወይስ «በጭማሪው የተስማሙ»? ርእስ ከሌለው ከስምዎ ጎን «ለመገኘት ብቻ» ብለው ይጻፉ። ጥያቄዎ በቃለ ጉባኤው ይስፈር፤ ኮፒውንም ይያዙ። ሳትስማሙ ከተለያያችሁ አቤቱታው የሚሄደው ወደ ከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። እዚያ ሲደርሱ የ450ውን ስሌትና ቃለ ጉባኤውን አብረው ያስገቡ።