ነጥብ ወይስ ሰዓት? ሥራው ከገመትነው በላይ ሲያብጥስ? (ጥያቄና መልስ)

ብዙ ዓመት በሶፍትዌር ቲሞች ውስጥ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ኮድ በመጻፍ፣ በኋላ ደግሞ ቲም በመምራት። ዛሬ የሥራን መጠን አስቀድሞ ስለመገመት የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ስቶሪ የምንለው ለተጠቃሚው የሚደርስ አንድ ቁራጭ ሥራ ነው፤ ስቶሪ ፖይንት ወይም ነጥብ ደግሞ የዚያ ሥራ መጠን መለኪያ። የጀመርነው ሥራ ከታሰበው በላይ ትልቅ ሆኖ ሲገኝ ምን እናድርግ የሚለው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ብዙ ቲም ሲሳሳት ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ጀማሪ ዴቨሎፐር፦ አንድ ስቶሪ ፖይንት በቀላሉ ስንት ሰዓት ነው? እኛ ጋ 1 ነጥብ 1 ቀን ነው ይላሉ።

እንደዚያ ከሆነ ቲማችሁ የሚገምተው በቀን ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የቀየረው። ለምን እንደማይጠቅም ላሳይህ። የይለፍ ቃል መቀየሪያ ገጽ ይሠራ ተባለ እንበል። በዚያ ኮድ ላይ ሁለት ዓመት የቆየችው ልጅ «ግማሽ ቀን» አለች። ባለፈው ወር የገባው ልጅ «ሁለት ቀን» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በሰዓት ከተከራከሩ ግን አይስማሙም፤ እያንዳንዱ የሚናገረው ስለ ራሱ ፍጥነት ነውና። «ባለፈው ከሠራነው የመግቢያ ገጽ ጋር ሲተያይ ይህ ስንት እጥፍ ነው?» ብለህ ብትጠይቃቸው ግን ሁለቱም «እጥፍ ይሆናል» ሊሉህ ይችላሉ። የነጥብ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሥራን ከሥራ ጋር ያስተያያል፣ ሰውን ከሰው ጋር አያስተያይም።

ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያሉ የሚራራቁትም ለዚህ ነው። ሥራው በገዘፈ ቁጥር የማናውቀው ነገር ይበዛል። 8 ይሁን 9 ብሎ መከራከር ጊዜ መግደል ነው።

የሚገርመው ግን ነገሩ የጀመረው ከጊዜ ነው። ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የተባለውን የሶፍትዌር አሠራር የጀመሩት ሰዎች መጀመሪያ የሚገምቱት «ማንም ሳያቋርጠን ብንሠራ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብለው ነበር። የእነሱ አንድ ቀን በተግባር ሦስት ቀን ያህል ይወስዳል። አለቆች «የአንድ ቀን ሥራ እንዴት ሦስት ቀን ይፈጃል?» እያሉ ግራ ሲጋቡ ቃሉን ወደ ነጥብ ቀየሩት። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ ስቶሪ ፖይንትን የፈጠርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ከሆንኩም አዝናለሁ ብሎ ጽፏል።

ቴስተር፦ እንግዲያው ሰዓት ጭራሽ አያስፈልግም ማለት ነው። እኛም ትተነዋል።

ግማሹ ልክ ነሽ። ለሩቁ እቅድ ሰዓት አይሆንም። ስፕሪንቱ፣ ማለትም ቲሙ የመረጣቸውን ሥራዎች የሚጨርስበት አጭር የሥራ ዙር፣ ከተጀመረ በኋላ ግን አንድ ስቶሪ ወደ ትንንሽ ታስክ ሲሰበር ሰዓት ጥሩ ይሠራል። ሥራው ቅርብ ነው፣ ማን እንደሚሠራውም ይታወቃል። እዚያ ላይ መጠየቅ ያለበት «እስካሁን ስንት ሰዓት ፈጀ?» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ይቀራል?» ነው። ትናንት 6 ሰዓት ይቀራል ያልሽው ዛሬም 6 ከሆነ፣ የሆነ ነገር ተይዟል ማለት ነው።

ፕሮጀክት ማናጀር፦ ደንበኛው የሚፈልገው ቀን ነው። «120 ነጥብ» ብዬ ልነግረው አልችልም።

አይንገሩት። ነጥቡ የቲሙ የውስጥ ጉዳይ ነው። ደንበኛው የሚሰማው ቀን ከቬሎሲቲ፣ ማለትም ቲሙ በአንድ ስፕሪንት ከሚጨርሰው ነጥብ፣ ይወጣል። ቲሙ በቅርብ ስፕሪንቶች ውስጥ ቢያንስ 16፣ ቢበዛ 24 ነጥብ ከጨረሰ፣ 120 ነጥብ ከ5 እስከ 8 ስፕሪንት ይፈጃል። ሁለቱንም ጫፍ ይንገሩት። አንድ ቀን ብቻ ከሰጡት ያንን ቀን እንደ ቃል ኪዳን ነው የሚይዘው።

ባክኤንድ ዴቨሎፐር፦ የገንዘብ ተመላሽ ስቶሪ 5 ሰጥተነው ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳየው 13 ነው። ሥራ በምንመዘግብበት ጂራ ላይ ቁጥሩን ልቀይረው?

ቁጥሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ነገሩን ዛሬውኑ ተናገር። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ሥራው በማበጡ ሳይሆን፣ ሰውየው «ነገ እደርስበታለሁ» እያለ እስከ ስፕሪንቱ መጨረሻ ዝም በማለቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ያበጠው ምኑ እንደሆነ ለይ። ሙሉ ገንዘብ መመለስ ቀላል ሆኖ፣ ከፊሉን መመለስ ከሆነ ዳታቤዙን የሚያስነካው፣ ምን ቀድሞ እንደሚሠራ ለሚወስነው ሰው፣ ለፕሮዳክት ኦነሩ፣ እንዲህ በለው፦ «ሙሉውን በዚህ ስፕሪንት አደርሳለሁ፤ ከፊሉ ራሱን የቻለ ስቶሪ ይሁን።» አዲሱ ስቶሪ የራሱን ግምት ያገኛል። ስቶሪው ለሁለት ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ ደግሞ ሌላ ስቶሪ ከስፕሪንቱ ይውጣ። ይህን የሚወስነው ፕሮዳክት ኦነሩ ነው፤ አንተ ማታ እያመሸህ የምትሸፍነው ነገር አይደለም።

ባክኤንድ ዴቨሎፐር፦ የ13 ሥራ ሠርቼ 5 ቢቆጠርልኝ ግን ፍትሐዊ ነው?

ነጥብ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ፍትሐዊ አይሆንም ነበር። ግን መለኪያ ነው። 5 ተሰጥቶት በግማሽ ቀን ያለቀ ስቶሪ አላጋጠመህም? ያን ጊዜ «ኧረ 2 ነው» ብሎ ቁጥሩን ዝቅ ያደረገ ሰው አለ? የለም። ያበጡትን ብቻ ከፍ ካደረግን ቬሎሲቲው ያለ ምክንያት ይጨምራል።

ሌላም አለ። ገና ያልተነኩት ስቶሪዎች የተገመቱት ሥራው ከመጀመሩ በፊት በነበረን እውቀት ነው። ያለቁትን ከሥራ በኋላ ባገኘነው እውቀት ካረምን፣ በአንድ ሜትር ለክተን በሌላ ሜትር እንደመቁረጥ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ስቶሪ ብቻውን ቢያብጥ አትንካው። ሁሉም በእኩል መጠን ቢያብጡም አትንካቸው፤ ቬሎሲቲው ራሱ ዝቅ ብሎ ያሳይሃል።

ሌላ ቲም መሪ፦ ስለዚህ ደንቡ «ፈጽሞ እንደገና አትገምት» ነው?

አይደለም። እንደገና መገመት ግድ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ አንድ ዓይነት ሥራ ከሌላው ለይቶ ሲያብጥ። የመራሁት አንድ ቲም የገጠመውን ልንገርህ።

በአጠቃላይ 120 ነጥብ ነበረን። 60ው አዲስ ገጾች ነበሩ። 60ው ደግሞ ከአሮጌው የክፍያ ሲስተም ጋር የሚገናኙ 12 ስቶሪዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 5። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ስፕሪንቶች አዲሶቹን ገጾች ብቻ ሠራን፤ በየስፕሪንቱ 20 ነጥብ። የቀረው 60 ስለሆነ «ሦስት ስፕሪንት» ብለን ነበር።

አራተኛው ስፕሪንት ላይ ወደ ክፍያው ገባን። ያለቁት ሁለት ስቶሪዎች ብቻ፤ 10 ነጥብ። ሰው አልታመመም፣ ስብሰባ አልበዛም። አሮጌው ሲስተም የመሞከሪያ አካባቢ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ለውጥ በእጅ ይፈተሽ ነበር። የቀሩት 10 ስቶሪዎችም ይኸው እንደሚጠብቃቸው ግልጽ ነበር።

ምንም ሳንነካ ብንተወው የአራቱ ስፕሪንት አማካይ 17.5 ነው። የቀረው 50 ነጥብ «ሦስት ስፕሪንት ገደማ» ይላል። እውነቱ ግን በዚህ አካሄድ በስፕሪንት 10 ነጥብ ነው፤ ማለትም አምስት ስፕሪንት። አማካዩ ይዋሻል፤ ምክንያቱም ከኋላው ያሉት ቀላል ገጾች ናቸው፣ ከፊቱ ያሉት ደግሞ ሁሉም ከባዶች።

ስለዚህ የክፍያውን ብቻ እንደገና ገመትን። ከቀሩት 10 ውስጥ ስድስቱ 8 ሆኑ፣ አራቱ 13። ድምሩ 100። ያለቁትን ሁለቱንም በዚያው ሚዛን አረምናቸው፤ አንዱ 8፣ አንዱ 13። አራተኛው ስፕሪንት 21 ሆነ፣ ቬሎሲቲያችንም እዚያው 20 አካባቢ ቆየ። 100 ለ20፣ አምስት ስፕሪንት። ለደንበኛው በዚያው ሳምንት ነገርነው። ደስ አላለውም፤ ግን የሚቆረጠውን ለመምረጥ ገና ጊዜ ነበረው፤ ሦስት ስቶሪ አስወጣ።

ስለዚህ አንድ ስቶሪ ሲያብጥ ለቲሙ የማቀርበው ጥያቄ «ያሳበጠው ነገር ሌሎች ያልተነኩ ስቶሪዎች ውስጥም አለ ወይ?» የሚል ነው። ካለ እነሱን አንድ ላይ እንገምታቸዋለን። ከሌለ እንቀጥላለን።

ፍሪላንሰር፦ እኔም በቁርጥ ዋጋ ተዋውዬ ሥራው እጥፍ ሆነብኝ። ነጥብ ብጠቀም ኖሮ እድን ነበር?

የአንተ ነገር ሌላ ነው። ብቻህን ከሆንክ ነጥብ ብዙም አይጨምርልህም፤ ፍጥነትህን ታውቃለህ፣ በሰዓት ገምት። የጎዳህ ግምቱ የቆመበትን ሐሳብ አለመጻፍህ ይመስለኛል። «የደንበኛው ዳታ ንጹህ ሆኖ ይደርሰኛል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ቢኖር፣ ያ ሳይሆን ሲቀር ዋጋ ለመነጋገር በር ይከፍትልህ ነበር።

ፍሮንትኤንድ ዴቨሎፐር፦ ስቶሪው 80 በመቶ አልቋል። ከ5ቱ 4 ነጥብ እንያዝ?

ዜሮ ያዙ። የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የምትረዝመው ናት። ሲያልቅ በሚያልቅበት ስፕሪንት ሙሉ 5 ይቆጠራል። አንዱ ስፕሪንት ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ይላል፤ አማካዩ ያስተካክለዋል።

ሌላ ቲም መሪ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እኛ ያላለቀ ስቶሪ ወደ ቀጣዩ ስፕሪንት ሲዛወር የቀረውን ብቻ እንገምታለን። አለዚያ ቀጣዩን ስፕሪንት ስናቅድ ቦታ ያለ አግባብ ይይዛል።

የምታነሳው ችግር እውነት ነው። ለማቀድ «የቀረው 2 ያህል ነው» ብሎ መነጋገር ጥሩ ነው። እኔ የምፈራው ቁጥሩ ከተቀየረ የጠፋው 3 ነጥብ የትም ሳይቆጠር መቅረቱን ነው፤ ያን ጊዜ ቬሎሲቲው ከእውነቱ ያንሳል። የምትቆጥሩበት ዘዴ ካላችሁ ግን ልትሠሩበት ትችላላችሁ። በዚህ ላይ ጎበዝ ቲሞች ሲለያዩ አይቻለሁ።

ፕሮጀክት ማናጀር፦ ኃላፊያችን ሁለት ቲሞችን በነጥብ ማወዳደር ጀምረዋል።

በጊዜ ያስቁሟቸው። አንድ የሠራሁበት ድርጅት ብዙ ነጥብ ለጨረሰ ቲም ሽልማት አደረገ። በጥቂት ወራት ውስጥ የእኛ ቬሎሲቲ ከ25 ወደ 40 ወጣ፤ ለተጠቃሚ የምናደርሰው ግን ያው ነበር። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። 3 ወይስ 5 ስንባባል ሁልጊዜ 5 እያሸነፈ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቁጥር ቀን መተንበይ አልቻልንም። ለኃላፊው የትኛው ሥራ መቼ ለተጠቃሚ እንደደረሰ ያሳዩዋቸው።

ጀማሪ ዴቨሎፐር፦ ይህ ሁሉ ከሆነ ነጥቡን ትተን ስቶሪዎቹን ብቻ ብንቆጥርስ?

ስቶሪዎቻችሁ በመጠን የሚቀራረቡ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። መፈተኑም ቀላል ነው። ያለፉትን 10 ስፕሪንቶች አውጣ። በእያንዳንዱ ስንት ነጥብ፣ ስንት ስቶሪ እንዳለቀ ጻፍ። በመጀመሪያዎቹ አምስት አማካይ የቀጣዮቹን አምስት ተንብይ፤ አንዴ በነጥብ፣ አንዴ በቆጠራ። የትኛው እንደቀረበ ታያለህ። በአንዱ ቲም ስሞክረው ልዩነት አላገኘሁም፤ በክፍያው ፕሮጀክት ግን ቆጠራው ብቻውን ያሳስተን ነበር።

ጀማሪ ዴቨሎፐር፦ የእኛ የተመዘገበው ሰባት ስፕሪንት ብቻ ነው። በሦስትና በአራት ከፍዬ እሞክረውና ውጤቱን አመጣለሁ።