የተኛ ሂሳብ ከመዝጋትዎ በፊት ክፍያዎቹን ይንቀሉ

«ቨርጂኒያ ሳለሁ የከፈትኩት የባንክ ሂሳብ ሳልነካው ሁለት ዓመት ሆኖታል። 800 ዶላር ገደማ አለበት። አሁን ዳላስ ነኝ፤ ገንዘቡን ወደ አዲሱ ባንኬ አዛውሬ ልዘጋው እፈልጋለሁ። ግን በየጊዜው በራሳቸው የሚቆረጡ ክፍያዎች አሉበት። ከምን ልጀምር?»

ከክፍያዎቹ ይጀምሩ፤ ገንዘቡ ለጊዜው ባለበት ይቆይ። ሂሳቡ ስለተዘጋ ውልዎ አይቋረጥም። ድርጅቱ የሂሳብ ቁጥርዎን እስከያዘ ድረስ መጠየቁን አይተውም፤ ሲያጣ ቅጣት ይጨምርብዎታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የተዘጋውን ሂሳብ መልሰው የሚከፍቱ ባንኮችም አሉ።

አስቀድመው ግን ሂሳቡን ይቀስቅሱት። ብዙ ባንኮች በራሱ የሚቆረጥን ክፍያ የባለቤቱ እንቅስቃሴ አድርገው አይቆጥሩትም፤ ስለዚህ ራስዎ ገብተው ጥቂት ዶላር ያስገቡ። ከታገደ ይደውሉ፣ መታወቂያ ይጠይቁዎታል። ዝም ካሉት በአብዛኞቹ ግዛቶች ከ3 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ገንዘቡ ወደ ግዛቱ መንግሥት ይሄዳል። ያኔም አይጠፋም፣ በነጻ ይጠየቃል፤ ግን ምን አደከመዎት?

ቀጥሎ የ13 ወር መግለጫ ያውርዱ፤ በዓመት አንዴ የሚቆረጠው በሦስት ወር መግለጫ አይታይም። እያንዳንዱ ክፍያ በምን መንገድ እንደሚወጣ ይለዩ፦ በሂሳብ ቁጥር፣ በካርድ ወይስ በባንኩ የክፍያ አገልግሎት በኩል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የእህቴን ሂሳብ ስንዘጋ ሦስቱም ዓይነት ነበረበት። የስፖርት ቤቱ በሂሳብ ቁጥሯ ራሱ ይስብ ስለነበር ለድርጅቱም ለባንኩም በጽሑፍ አሳወቅን። ባንኩ እንዲያግድ ትእዛዙ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ ሊደርሰው ይገባል፤ ሕጉ ነው። የቴሌቪዥኑ በካርድ ነበር፤ እዚያው ድርጅቱ ገጽ ላይ የአዲሱን ካርድ ቁጥር ማስገባት በቂ ሆነ።

ያስቸገረን የእድሩ መዋጮ ነው። በባንኩ የክፍያ አገልግሎት በኩል ትልከው የነበረው ገንዘብ ለካ በፖስታ የሚሄድ የወረቀት ቼክ ኖሯል! ገንዘብ ያዡ ደግሞ ቼኮችን ሰብስበው አንድ ላይ ነው የሚያስገቡት። ቼኩ እስኪመነዘር ገንዘቡ ሂሳቧ ውስጥ ነው ያለው፤ ቀሪው ሲታይ ሁሉም የእሷ ይመስላል። ያን ጊዜ ዘግተን ቢሆን ቼኩ ይመለስ ነበር። እድር ላይ ተመላሽ ቼክ ምን እንደሚያስወራ ያውቁታል። ስለዚህ ያልተመነዘረ ቼክ እንዳለ ባንኩን ሳይጠይቁ አይዝጉ።

ሁሉም ከተዛወረ በኋላ ላልተመነዘረ ቼክና ለወርሃዊው የአገልግሎት ክፍያ የሚበቃ ትተው ሌላውን ወደ አዲሱ ባንክ ያስተላልፉ፤ ከእርስዎ 800 ዶላር 100 ቢቀር ይበቃል። አንድ ወር ያለ አዲስ ቁረጣ ካለፈ ቀሪውን አውጥተው ይዝጉና ሂሳቡ በዜሮ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበሉ። ለግብር የሚፈልጓቸውን መግለጫዎች ከመዝጋትዎ በፊት ያውርዱ፤ ከተዘጋ በኋላ በስልክዎ መግባት ላይችሉ ይችላሉ።