ምክንያት ያልሆነ «ምክንያቱም»

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ ‹የጎዳና ላይ ንግድ መከልከል አለበት፤ ምክንያቱም መፈቀድ የለበትም› ብሎ ጻፈና ‹ዙሪያ ገጠም ሙግት ነው፤ ያንኑ አቋም እንደ ምክንያት ደግመሃል› ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን ‹በሒሳብም እኮ የተሰጠውን በሌላ አባባል እንደግመዋለን፤ እዚያ ለምን ስሕተት አልሆነም?› አለኝ። ምን ልበለው?»

መልስ፦ ተማሪዎ ስለ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ስለ ድርሰቱ ግን አይደለም። አንድን ሐሳብ መድገም በራሱ ጥፋት ሆኖ አያውቅም። መታየት ያለበት የተደገመው ሐሳብ ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። «አንድ ቁጥር ተጋማሽ ከሆነ ካሬውም ተጋማሽ ነው» የሚለውን ለማረጋገጥ ተማሪው «ቁጥሩ ተጋማሽ ነው» ብሎ ይነሳል። ቀጥሎ «ማለትም ቁጥሩ የሌላ ሙሉ ቁጥር እጥፍ ነው፤ n = 2k» ይላል። እዚህ ድረስ ያው የተሰጠው ነገር ነው፤ ልብሱን ብቻ ቀይሯል። ነገር ግን በአዲሱ መልኩ ሊባዛ ይችላል፦ n² = 4k² = 2(2k²)። መጨረሻ ላይ የተደረሰበት ነገር ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ ካሬው ነው፤ መነሻው ላይ አልነበረም። ድጋሚው ወደዚያ የሚያሻግር እርምጃ ሆኖ አገልግሏል። ያው ተማሪ «ካሬው ተጋማሽ ስለሆነ n² = 2m ነው፤ ስለዚህ ካሬው ተጋማሽ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግን ሒሳብ መምህሩም ዜሮ ይሰጠዋል፤ ሊያረጋግጥ የተጠየቀውን ነገር እንደተሰጠው ቆጥሮ ተነስቷልና።

ድርሰቱ ላይ የሆነው ይኸው ሁለተኛው ነው። «መከልከል አለበት» እና «መፈቀድ የለበትም» አንድ አቋም ናቸው፤ አንዱን የተጠራጠረ ሰው ሌላውንም ይጠራጠራል። አንድ ነገር ግን ለተማሪዎ በግልጽ ቢነግሩት እወዳለሁ፦ መደምደሚያው ከመነሻው አልወጣም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም ሙግት ይልቅ የሚወጣው እዚህ ነው፤ መነሻው እውነት ከሆነ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን አይችልም። ዙሪያ ገጠም ሙግት የሚወድቀው ለተጠራጣሪው ምንም ስለማያቀብለው ነው። ይህን ካልለዩለት፣ ተማሪው «ታዲያ ከመነሻው አይወጣም ወይ?» ብሎ ሊከራከርዎ ይችላል፤ እውነቱንም ነው።

በአማርኛ ድርሰት ይህን ለመያዝ የሚረዳ ቀላል ፍተሻ አለ። «ምክንያቱም» የሚለውን አንሥተው በቦታው «ማለትም» ይተኩ። «ማለትም» ቃል የሚገባው ያንኑ ነገር አብራርቶ ለመናገር ብቻ ነው፤ «ምክንያቱም» ግን ድጋፍ አመጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል። «የጎዳና ላይ ንግድ መከልከል አለበት፤ ማለትም መፈቀድ የለበትም» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድለውም። ስለዚህ መጀመሪያም ምክንያት አልነበረውም። አሁን «ደሴ ከኮምቦልቻ ትቀዘቅዛለች፤ ምክንያቱም ከፍታዋ ይበልጣል» የሚለውን ይፈትኑ። «ማለትም» ሲገባበት ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል፤ ከፍታና ቅዝቃዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆናቸውን ቴርሞሜትር ሳይነኩ ማወቅ ይቻላል። ጥሩ መነሻ ማለት ይህ ነው፦ መደምደሚያውን ሳይጠቀሙ የሚደረስበት።

በፍተሻው ጊዜ «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ብቻ አይፈልጉ። «ስለሆነ»፣ «ነውና»፣ «በመሆኑ» ሁሉም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ከአንድ ሥር የወጡ ቃላትም ድጋሚውን ይሸፍኑታል፦ «የጎዳና ላይ ንግድ ጎጂ ነው፤ ጉዳት ያመጣልና» የሚለውን ብዙ አንባቢ ሳያስተውል ያልፈዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ሊድን ይችላል። ቀጥሎ «የእግረኛውን መንገድ ስለሚይዝ ሰው ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል» የሚል ከመጣ፣ «ጉዳት ያመጣል» የሚለው ለዝርዝሩ በር የከፈተ ድጋሚ ይሆናል። ስለዚህ እርማት ከመጻፍዎ በፊት አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ፍተሻው የማይዛቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ድጋሚው በአንድ ቅጽል ውስጥ ሲደበቅ ነው። «ሕገ ወጥ የጎዳና ንግድ ሊፈቀድ አይገባም» የሚለውን ይመልከቱ። ክርክሩ «አሁን ያለው ደንብ ምን ይላል?» የሚል ከሆነ፣ ደንቡ ተጠቅሶ «ሕገ ወጥ» ማለት ይቻላል። ክርክሩ «ደንቡ ይህን ንግድ ሊፈቅድ ይገባል ወይ?» ከሆነ ግን ቃሉ አከራካሪውን ነጥብ እንደተረጋገጠ አድርጎ ወስዶታል። ዓረፍተ ነገሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ስለዚህ ከድርሰቱ ርእስ ላይ ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ሳይለዩ ይህን ስሕተት ማረም አይቻልም። ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የተስማሙበትን ነገር ያለ ማስረጃ መነሻ ማድረግ ጥፋት የማይሆነውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛውና የሚከብደው ክቡ ሲሰፋ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ የሚደረግ የማር ክርክር እንውሰድ።

«ይህ ማር ስኳር አልገባበትም።»
«በምን አወቅህ?»
«የሸጠልኝ ሰው ታማኝ ነው።»
«ታማኝነቱንስ?»
«የሚሸጠው ማር ስኳር ገብቶበት አያውቅም።»

እዚህ «ማለትም» ብለው ቢተኩ አንዱም አይገጥምም፤ ስለ ማር መናገርና ስለ ሰው ጠባይ መናገር ይለያያሉ። መፍትሔው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ቁጥር ሰጥቶ «ይህ በየትኛው ቆመ?» ብሎ ከጎኑ መጻፍ ነው። ማሩ (1) በሻጩ ታማኝነት (2) ቆሟል፤ ታማኝነቱ በማሮቹ ንጽሕና (3) ቆሟል። (3) ደግሞ ዛሬ የተገዛውን ማር ጨምሮ ነው የሚናገረው፤ ያ ደግሞ ገና ያልተረጋገጠው (1) ነው። ክቡ ተዘጋ።

ይህ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊከፈት ይችላል፦ «ባለፉት ጊዜያት ከእሱ የገዛሁትን ማር ላቦራቶሪ አስመርምሬ ስኳር አልተገኘበትም» ቢል (3) ዛሬ ባለው ማር ላይ መቆሙ ይቀራል። ያለፈውን በራሱ ማስረጃ አውቆ ስለ ዛሬው ይገምታል። ግምቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ሻጩ ዛሬ ቀላቅሎ ይሆናል። ቢሳሳትም ግን ደካማ ማስረጃ እንጂ ዙሪያ ገጠም አይባልም፤ እርማትዎም ሁለቱን መለየት አለበት። ለመጀመሪያው «ተጨማሪ ማስረጃ አምጣ» ይባላል፤ ለሁለተኛው ግን «ከክቡ ውጭ የሚቆም ማስረጃ አምጣ»።

ለተማሪዎ ድርሰቱ ጠርዝ ላይ «ደግመሃል» ብለው አይጻፉለት፤ ሒሳቡን ያነሣብዎ ያንን ሰምቶ ነው። «መከልከሉን የማይደግፍ ሰው ይህን መነሻህን ይቀበልሃል?» ብለው ይጠይቁት። ዓረፍተ ነገሩን «የጎዳና ላይ ንግድ መከልከል አለበት፤ ማለትም መፈቀድ የለበትም። ምክንያቱም የእግረኛውን መንገድ ይዘጋል» ብሎ ቢያስተካክለው፣ ድጋሚውን እንዳለ ይተዉለት። ተቃዋሚው «መንገዱ ሰፊ ነው» ወይም «ሌላ ቦታ ይሰጣቸው» ሊለው ይችላል፤ አሁን የሚከራከሩበት ነገር አግኝተዋል።